የጥብስ ቅጠል፣ ጉሎ እና ሽንኩርት በእርግጥ ፀጉር ያሳድጋሉ?

የፀጉር ቅባት የሚሸጥበት መደርደሪያ ፊት የቆመ ሰው ዛሬ ሦስት ስሞች ደጋግመው ያጋጥሙታል፦ ሮዝመሪ፣ ካስተር እና ሽንኩርት። ሮዝመሪ የተባለው ሥጋ ላይ ጣል የምናደርገው የጥብስ ቅጠል ነው። ካስተር ደግሞ በየአጥሩ ሥር የሚበቅለው ጉሎ ነው። ሦስቱም ከጓዳና ከጓሮ የማይጠፉ ነገሮች ስለሆኑ ብዙዎች ጠርሙሱን ትተው ቤታቸው ያዘጋጇቸዋል፤ የጥብስ ቅጠሉን ዘይት ውስጥ ያፈላሉ፣ ሽንኩርቱን ፈጭተው ይጨምቃሉ፣ የጉሎውን ዘይት ከሌላ ቅባት ጋር ያዋህዳሉ። ቲክቶክ ላይ ደግሞ «በፊት» እና «በኋላ» የሚሉ ፎቶዎች ሞልተዋል።

ሻጮቹ የሚያነሷቸው ጥናቶች በእርግጥ አሉ፤ ፈጠራ አይደሉም። ችግሩ ጥናቶቹ የመለሱት ጥያቄና ገዢው የሚጠይቀው ጥያቄ አለመገናኘታቸው ነው። ሹሩባ የምትሠራ ወጣት ማወቅ የምትፈልገው ፀጉሯ በወር ከሚያድገው በላይ ያድግ እንደሆነ ነው። እነዚህ ጥናቶች ግን ጤናማ ፀጉር ያለው ሰው ላይ ይህን አልለኩም። የለኩት ሌላ ነገር ነው፤ ምን እንደሆነ አንድ በአንድ እንየው።

አስቀድሞ ስለ ፀጉር ዕድገት ጥቂት ማወቅ ይጠቅማል። ከራስ ቆዳ በላይ የምናየው ፀጉር ሕይወት የለውም። የሚሠራው ከቆዳው ሥር ጥቂት ሚሊሜትር ገባ ብሎ ባለው ሥር ውስጥ ነው። እያንዳንዱ ሥር የራሱ የሥራና የዕረፍት ጊዜ አለው፤ ከ2 እስከ 6 ዓመት ያለማቋረጥ ፀጉር ያመርታል፣ ከዚያ ሦስት ወር ገደማ ያርፋል፣ ያረፈው ፀጉር ይረግፍና አዲስ ይጀምራል። ጤናማ ሰው በቀን ከ50 እስከ 100 ፀጉር የሚረግፍበትም በዚህ ምክንያት ነው። ፀጉር ምን ያህል ሊረዝም እንደሚችል የሚወስነው በዋናነት የሥራው ዘመን ርዝመት ነው። የዕለት ፍጥነቱ ግን ከሰው ሰው ቢለያይም ብዙም የሚቀያየር አይደለም። በ2001 የታተመ አንድ ልኬት የአፍሪካ ዝርያ ያላቸው ሰዎች ፀጉር በአማካይ በቀን 0.26 ሚሊሜትር ገደማ፣ የአውሮፓ ዝርያ ያላቸው ሰዎች ደግሞ 0.4 ሚሊሜትር ገደማ እንደሚያድግ አሳይቷል። በወር ሲታሰብ የመጀመሪያው ከ8 ሚሊሜትር፣ ሁለተኛው ከ12 ሚሊሜትር አያልፍም። «በሳምንት ሦስት ሴንቲሜትር» የሚል ማስታወቂያ ስታዩ ይህን ቁጥር አስታውሱ።

ወደ ጥብስ ቅጠል እንሂድ፤ ከሦስቱ የተሻለ ማስረጃ ያለው እሱ ነው። በየቦታው የሚጠቀሰው ጥናት በ2015 የታተመ የኢራን ጥናት ነው። የተሳተፉት 100 ወንዶች ሲሆኑ ችግራቸው ከግንባርና ከአናት እየሳሳ የሚሄደው፣ በዘርና በወንድ ሆርሞን የሚመጣው የተለመደው ራሰ በራነት ነበር። ግማሾቹ የጥብስ ቅጠል ዘይት ያለበት ቅባት ሲሰጣቸው፣ ግማሾቹ ሚኖክሲዲል የሚባለውን መድኃኒት በ2 ከመቶ መጠን ወሰዱ። ሚኖክሲዲል መጀመሪያ የደም ግፊት መድኃኒት ነበር፤ የሚወስዱት ሰዎች ፀጉር ሲያበቅሉ ስለታየ ወደ ራስ ቆዳ መቀቢያነት ተለወጠ። ሐኪሞች ለራሰ በራነት ከሚያዙት ዋነኞቹ መድኃኒቶች አንዱ ዛሬም እሱ ነው።

ተመራማሪዎቹ የራስ ቆዳውን አንድ ቦታ በአጉሊ ካሜራ እያነሱ ፀጉሮቹን ቆጠሩ። በሦስተኛው ወር በሁለቱም ቡድኖች ምንም ለውጥ አልነበረም። በስድስተኛው ወር የጥብስ ቅጠሉ ቡድን በአማካይ ከ123 ገደማ ወደ 130 ገደማ ፀጉር ከፍ አለ። የሚኖክሲዲሉ ቡድን ደግሞ ከ138 ገደማ ወደ 141 ገደማ። በሁለቱ መካከል ልዩነት የለም ተባለ፤ የራስ ቆዳ ማሳከክም በሚኖክሲዲሉ በኩል በዛ። «የጥብስ ቅጠል ከመድኃኒቱ እኩል ይሠራል» የሚለው ወሬ የተነሣው ከዚህ ነው።

ቁጥሮቹን ትንሽ ቀረብ ብላችሁ እዩአቸው። ከ120 በላይ ፀጉር ባለበት ቦታ ሰባት ፀጉር መጨመሩ መስታወት ፊት ቆሞ የሚታይ ለውጥ አይደለም። መድኃኒቱ የጨመረው ደግሞ ከሦስት አይበልጥም፤ ይህ ሚኖክሲዲል በሌሎች ጥናቶች ከሚታወቅበት በጣም ያነሰ ነው። ሁለት ተማሪዎች እኩል ውጤት አመጡ ማለት ሁለቱም ጎበዞች ናቸው ማለት አይደለም፤ ሁለቱም ወድቀው ሊሆን ይችላል። ይህን ለመለየት ምንም የሌለበት ቅባት የሚቀባ ሦስተኛ ቡድን ያስፈልግ ነበር። ያ ቡድን አልነበረም። ስለዚህ ሰባቱ ፀጉሮች ከጥብስ ቅጠሉ ይምጡ፣ ከስድስት ወር መታሸት ይምጡ ወይም ከአቆጣጠር ልዩነት ከዚህ ጥናት መናገር አይቻልም።

ሌላም ነገር አለ። ጥናቱ የተሠራው ራሰ በራ እየሆኑ ባሉ ወንዶች ላይ ነው። የጥብስ ቅጠል ይረዳል የሚባልበት ሳይንሳዊ ምክንያትም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው፤ በላቦራቶሪና በአይጥ ላይ የተሠሩ ሥራዎች የቅጠሉ ንጥረ ነገር የፀጉርን ሥር የሚያመነምነውን የወንድ ሆርሞን የሚሠራ ኤንዛይም እንደሚገታ አሳይተዋል። ይህ እውነት ቢሆን እንኳ ሆርሞኑ ላልጎዳት፣ ፀጉሯን ግን ወገቧ ድረስ ማድረስ ለምትፈልግ ሴት የሚሰጠው ነገር የለም። ፀጉሯ የሚሠራው ቀድሞውንም በሙሉ አቅሙ ነው።

በ1998 ስኮትላንድ ውስጥ የተሠራ ሌላ ጥናትም ይነሣል። እዚያ የጥብስ ቅጠል፣ ጦስኝ፣ ላቬንደርና የዝግባ ዓይነት ዛፍ ዘይት ተቀላቅለው በየቀኑ ይታሹ ነበር። ከ43 ሰዎች 19ኙ ሲሻሻሉ፣ ሽቶ ዘይቶቹ የሌሉበትን ተራ ዘይት ከታሹት 41 ሰዎች የተሻሻሉት 6 ብቻ ነበሩ። ጥሩ ውጤት ነው፤ የማነጻጸሪያ ቡድንም ነበረው። ነገር ግን አራት ዘይቶች በአንድ ላይ ነበሩ፣ በሽታውም ላሽ ነበር። ላሽ ደግሞ ወደ ሽንኩርቱ ታሪክ ያደርሰናል።

የሽንኩርት ማስረጃ የሚባለው በመሠረቱ አንድ ጥናት ነው፤ በ2002 የታተመ፣ በባግዳድ ሐኪሞች የተሠራ። 38 ሰዎች ተሳተፉ። 23ቱ የጥሬ ሽንኩርት ጭማቂ በቀን ሁለቴ ለሁለት ወር ተቀቡ፤ 15ቱ የቧንቧ ውሃ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ፀጉር ብቅ ማለት ጀመረ፣ በስድስተኛው ሳምንት ደግሞ ሽንኩርት ከተቀቡት 20ዎቹ ፀጉር አብቅለው ነበር። ውሃ ከተቀቡት ያበቀሉት ሁለት ብቻ ናቸው። እንዲህ ያለ ውጤት ሲነገር ማንም ሰው ሽንኩርት ሊፈጭ ይነሣል።

ነገር ግን የሁሉም ተሳታፊዎች ችግር ላሽ ነበር፤ ድንገት እንደ ሳንቲም ክብ ሆኖ የሚመለጠው። ላሽ የሚመጣው የሰውነት መከላከያ የራሱን የፀጉር ሥር እንደ ጠላት ቆጥሮ ሲያጠቃ ነው። ሥሩ አይሞትም፤ ሥራውን ያቆማል እንጂ። ቁስሉ ትንሽ ከሆነ ብዙ ሰው ላይ በአንድ ዓመት ውስጥ ያለ ምንም መድኃኒት ፀጉሩ ተመልሶ ይበቅላል። ከዚህም በላይ የቆዳ ሐኪሞች ለላሽ ከሚጠቀሙባቸው ሕክምናዎች አንዱ የራስ ቆዳውን ሆን ብሎ የሚያስቆጣ ኬሚካል መቀባት ነው፤ ጥቃቱ ከፀጉሩ ሥር ወደ ቆዳው ገጽ እንዲዞር። ሽንኩርት የሚያቃጥል ነገር ነው። ሠርቶ ከሆነ በዚሁ መንገድ የሠራ ይመስለኛል፤ ያ ከሆነ ደግሞ ጤናማ የራስ ቆዳ ላይ የሚያቃጥል ነገር መቀባት ማቃጠል ብቻ ነው ትርፉ።

ጥናቱ አንድ ሊታለፍ የማይችል ድክመትም አለው፤ ሽንኩርት ይሸታል። ማን ሽንኩርት፣ ማን ውሃ እንደተቀባ ታማሚውም ሐኪሙም ያውቁታል። ሃያ ሦስት ሰው ደግሞ ትንሽ ቁጥር ነው። ይህ ሁሉ ታልፎ እንኳ የተፈተነው ትኩስ ጭማቂ እንጂ ዛሬ በጠርሙስ የሚሸጠው «የሽንኩርት ዘይት» አይደለም። ብዙው ጠርሙስ ሌላ ዘይት ውስጥ የገባ ጥቂት የሽንኩርት ንጥረ ነገር ነው።

ሻጮች አጥብቀው የሚናገሩለት የድኝ ክርክር አለ። ፀጉር በድኝ የተያያዘ ፕሮቲን ስለሆነ፣ ሽንኩርትም ድኝ ስላለው፣ ሽንኩርት ፀጉርን ይመግባል ይላሉ። ስሌቱ ሲሰሙት ያምራል። የፀጉር ሥር ግን ምግቡን የሚያገኘው ከደም ሥር ነው፤ ድኝ ያለባቸውን የፕሮቲን ግንቦች የሚያገኘው ከእንቁላል፣ ከባቄላ፣ ከሥጋ፣ ከምስር ነው። ሽንኩርቱን ከራስ ላይ ይልቅ ወጥ ውስጥ መክተቱ ይሻላል።

ጉሎን በተመለከተ አጭር ነው የሚባለው፤ ማስረጃ የለም። ፀጉር ማሳደጉን በሰው ላይ ያሳየ ጥሩ ጥናት አይገኝም። በ2022 የታተመ፣ የኮኮናት፣ የጉሎና የአርጋን ዘይትን ጥናቶች ያሰባሰበ ግምገማ ጉሎ ፀጉርን እንደሚያሳምር ደካማ ማስረጃ ቢያገኝም፣ ስለ ማሳደግ ግን የሚያስተማምን ነገር አላገኘም። የጃማይካ ጥቁር የጉሎ ዘይት የሚባለውም ፍሬው ተቆልቶ፣ አመድ ገብቶበት የሚዘጋጅ መሆኑ እንጂ በዕድገት በኩል የተለየ ነገር የታየበት አይደለም።

የጉሎ ደጋፊዎች የሚያነሡት አንድ የሚያስቸግር ክርክር አለ። በ2012 ራሰ በራ በሆነ የራስ ቆዳ ላይ አንድ ፕሮስታግላንዲን የሚባል ንጥረ ነገር በዝቶ ተገኘ፤ ከጉሎ ዘይት 90 ከመቶ ገደማ የሚሆነው አሲድ ደግሞ ይህን ንጥረ ነገር ሊገታ ይችላል የሚል የኮምፒውተር ስሌት አለ። ሐሳቡ ጉሎ ላይ ባይሆንም በሌላ መንገድ ተፈትኗል። ይህንኑ ንጥረ ነገር እንዳይሠራ የሚያግድ ሰቲፒፕራንት የሚባል መድኃኒት ራሰ በራ በሆኑ ወንዶች ላይ ተሞክሮ ውጤቱ በ2021 ታተመ፤ ባዶ ኪኒን ከወሰዱት አልተሻለም። ለዚሁ ዓላማ የተሠራ መድኃኒት ያልቻለውን የተቀባ ዘይት ይችላል ብሎ መጠበቅ ይከብዳል።

ጉሎ ለየት ያለ አደጋም አለው። በጣም ወፍራምና ሙጫ መሰል ዘይት ነው። በ2017 ከሕንድ የወጣ አንድ የሕክምና ዘገባ የሃያ ዓመት ሴት ታሪክ ይነግራል፤ ረጅም ፀጉሯን የጉሎና የኮኮናት ዘይት ቀብታ ስትታጠበው ፀጉሯ እርስ በርሱ ተጠላልፎ እንደ ወፍ ጎጆ ደረቀ። ሊፈታ ስላልቻለ ተቆረጠ። ጉሎ የምትቀቡ ከሆነ በጥቂቱ፣ ከቀጭን ዘይት ጋር ቀላቅላችሁ፣ ከመታጠባችሁ በፊትም ፀጉሩን አበጥራችሁ ይሁን። በነገራችን ላይ ቤት ውስጥ ፍሬውን የምታዘጋጁ ሰዎች ልጆችን ጠብቁ፤ የጉሎ ፍሬ ውስጥ ሪሲን የሚባል ኃይለኛ መርዝ አለ። በወጉ በተጨመቀ ዘይት ውስጥ አይገኝም፣ የታኘከ ጥሬ ፍሬ ግን ይገድላል።

ታዲያ ማስረጃው ይህን ያህል ቀጭን ከሆነ፣ ይህ ሁሉ ሰው አድጎልኛል ሲል ይዋሻል? አይዋሽም። ብዙዎቹ ያዩትን ነው የሚናገሩት። ምን እንዳዩ ለመረዳት አንዲት እናት መስከረም ላይ ወለደች እንበል። በእርግዝና ጊዜ ሆርሞን የፀጉር ሥሮችን ከዕረፍት ስለሚያዘገይ ፀጉሯ ሞልቶ ነበር። ስትወልድ ሆርሞኑ ይወርዳል፤ ያዘገሙት ሥሮች ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ ዕረፍት ይገባሉ። ዕረፍቱ ሦስት ወር ገደማ ስለሆነ ታኅሣሥ ላይ ፀጉሯ በእፍኝ መርገፍ ይጀምራል። ጥር ላይ ማበጠሪያው ያስደነግጣታል፣ ግንባሯ አጠገብ ይሳሳል። የካቲት ላይ ጎረቤቷ የጥብስ ቅጠል ዘይት ትነግራታለች፤ መቀባት ትጀምራለች። መጋቢት ላይ መርገፉ ይቀንሳል። ሰኔ ላይ ግንባሯ ዳር አጫጭር አዳዲስ ፀጉሮች ቆመው ይታያሉ። በቀን በ0.26 ሚሊሜትር ስናሰላው፣ የካቲት መጨረሻ ላይ የጀመረ ፀጉር ሰኔ መጨረሻ ላይ ሦስት ሴንቲሜትር ገደማ ይሆናል። ልክ እሷ የምታየውን ያህል ማለት ነው።

ቅባቱን ባትቀባም ይኸው ነበር የሚሆነው። ከወሊድ በኋላ የሚመጣ መርገፍ አብዛኛውን ጊዜ ዓመት ሳይሞላ በራሱ ይመለሳል። ከባድ ሕመም፣ ከፍተኛ ትኩሳት ወይም ድንገተኛ ክብደት መቀነስ ካለፈ በኋላም ይኸው ይሆናል። ሰው ቅባት የሚገዛው ደግሞ መርገፉ ጣሪያ በነካበት ሰዓት ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ቁልቁል ነው። ምስጋናው ግን ለጠርሙሱ ይሄዳል። ቲክቶክ ላይ ያሉት «በኋላ» ፎቶዎች ስንቶቹ እንዲህ እንደሆኑ ማንም አይቆጥርም፤ ቀብተው ያልተለወጡት ደግሞ ፎቶ አይለጥፉም።

ሁለተኛው ምክንያት መሰበር ነው፤ እዚህ ላይ ቅባት በእርግጥ ይሠራል። የሐበሻ ፀጉር ብዙውን ጊዜ የተጠቀለለ ነው፤ የተጠቀለለ ፀጉር በየመታጠፊያው ደካማ ነው፣ ሲበጠር ይሰበራል። ፀጉሯ በወር 8 ሚሊሜትር የሚያድግ ሴት አስቡ። ጫፉ በወር 7 ሚሊሜትር የሚሰበር ከሆነ የምታተርፈው 1 ሚሊሜትር ነው፤ በዓመት 1.2 ሴንቲሜትር። ለዓመታት «ፀጉሬ አያድግም» ትላለች። ከዚያ ቅባት ትጀምራለች፤ ፀጉሩ ይለሰልሳል፣ ማበጠሪያው ይንሸራተታል፣ መሰበሩ ወደ 3 ሚሊሜትር ይወርዳል። አሁን በወር 5፣ በዓመት 6 ሴንቲሜትር ታተርፋለች። አምስት እጥፍ አደገ ብትል ማን ይፈርድባታል? ሥሩ ግን ያው 8 ሚሊሜትሩን ነው የሠራው።

ለዚህ ሥራ ውድ ጠርሙስ አያስፈልግም። በ2003 የታተመ የላቦራቶሪ ሥራ የኮኮናት ዘይት ወደ ፀጉር ዘልቆ የፕሮቲን መጥፋትን እንደሚቀንስ፣ የሱፍ ዘይትና የማዕድን ዘይት ግን እንደማይቀንሱ አሳይቷል። እናቶቻችን ራሳችን ላይ የሚያኖሩት ቅቤም ፀጉሩን አልብሶ እንዲንሸራተት ያደርጋል። የሚያስፈልገው ፀጉሩን እርጥብና ለስላሳ ሆኖ ማበጠር፣ ከጫፍ ጀምሮ ወደ ሥር መሄድ፣ ፓይስትራና ካስክ ማብዛት መቀነስ ነው።

የእናንተ ፀጉር የሚሰበር ይሁን የሚረግፍ ማወቅ ከባድ አይደለም። ማበጠሪያው ላይ የቀረውን ፀጉር ነጭ ወረቀት ላይ አድርጉት። አንደኛው ጫፉ ላይ ትንሽ ነጭ እንክብል ካለው ከነሥሩ የወጣ፣ የረገፈ ነው። ርዝመቱ አጭርና ጎዶሎ፣ በሁለቱም ጫፍ እንክብል የሌለው ከሆነ የተሰበረ ነው። የወደቀው በአብዛኛው የተሰበረ ከሆነ ቅባትና ረጋ ያለ አበጣጠር ይረዳችኋል። በአብዛኛው የረገፈ ከሆነ ግን ምክንያቱ ከራስ ቆዳ ላይ ሳይሆን ከውስጥ ሊሆን ስለሚችል የደም ማነስና የታይሮይድ ምርመራ ከየትኛውም ዘይት ይቀድማል።

«እኔ ግን በራሴ አይቼዋለሁ» የሚል ሰው አይጠፋም፤ ለሱ የሚሆን ርካሽ ፈተና አለ። ቅባቱን በራስዎ ግራ በኩል ብቻ፣ ከሥሩ፣ ለአራት ወር ይቀቡ። ቀኙን ምንም ባልተቀላቀለበት ተራ ዘይት ይቀቡት፤ አስተጣጠቡም፣ አበጣጠሩም፣ ሹሩባውም እኩል ይሁን። ከመጀመርዎ በፊት ፀጉርዎን ሒና ወይም ቀለም ይቀቡ። ቀለሙ ሥሩ ድረስ ስለሚደርስ ከዚያ በኋላ የሚወጣው ሁሉ በተፈጥሮ ቀለሙ ብቅ ይላል። በአራተኛው ወር ከግራም ከቀኝም ከጆሮ በላይ ተመሳሳይ ቦታ ላይ ፀጉሩን ወጥረው፣ ከቆዳው እስከ ቀለሙ መጀመሪያ ድረስ በማስመሪያ ይለኩ። ማንኛው ወገን ምን እንደተቀባ ለማያውቅ ሰው ቢያስለኩት ይበልጥ ያምናል። ሁለቱም ሦስት ሴንቲሜትር ገደማ ከሆኑ ቅባቱ ሥሩን አላፈጠነውም ማለት ነው። መሰበር እዚህ ላይ ሊያሳስት አይችልም፤ የሚለካው ከሥሩ በኩል ነውና።

ቅባቶቹ ጉዳት የላቸውም ማለት አይደለም። የጥብስ ቅጠል ሽቶ ዘይት፣ ማለትም ትንሿ ጠርሙስ ውስጥ ያለው የተነጠረው፣ ብቻውን ራስ ላይ የሚፈስ ነገር አይደለም፤ ቆዳ ያቃጥላል። በአንድ የሾርባ ማንኪያ ተራ ዘይት ከ3 እስከ 6 ጠብታ ይበቃዋል። ፎሮፎር ያለበት ሰው ደግሞ ዘይት ሲያበዛ ይብስበታል፤ ፎሮፎርን የሚያመጣው ፈንገስ የሚመገበው ስብ ነው። ግንባር ዳር የሚወጣ ብጉርም ብዙ ጊዜ የፀጉር ቅባት ሥራ ነው፤ የቆዳ ሐኪሞች ይህን በ1970 ነው የጻፉት።

ከሁሉም የሚከፋው ግን የሚባክነው ጊዜ ነው። ልጅ ራስ ላይ የሚላላጥና ፀጉሩን የሚቆርጥ ክብ ቁስል ከታየ ቆረቆር ሊሆን ይችላል፤ ፈንገሱ ፀጉሩ ውስጥ ገብቶ ስለሚቀመጥ የሚዋጥ መድኃኒት ይፈልጋል፣ ሽንኩርትም ቅባትም አይደርስበትም። ጥብቅ ሹሩባና ዊግ የሚጎትቱት የግንባር ዳር ፀጉር መሳሳት ሲጀምር ሹሩባው ከተላላ ይመለሳል፤ ለዓመታት ከቀጠለ ግን ሥሩ ጠባሳ ይሆናል። አናት መሐል ላይ ጀምሮ እየሰፋ የሚሄድ፣ የሚያሳክክ ወይም የሚያቃጥል፣ ቆዳው የሚያብለጨልጭ መሳሳት ደግሞ በጥቁር ሴቶች ላይ የሚታይ ጠባሳ የሚያስቀር በሽታ ሊሆን ስለሚችል ሳምንታት ሳይቆዩ የቆዳ ሐኪም ዘንድ መሄድ ያስፈልጋል። ስትሄዱ ሹሩባውን ፈትታችሁ፣ ቅባቱን ታጥባችሁ ሂዱ፤ ሐኪሙ ማየት የሚፈልገው ቆዳውን ነው። የምትቀቡትን ጠርሙስ ግን አትተዉት፣ ይዛችሁት ግቡ።